ልስኑን ሳያፈርሱ ፊሸርና ኤክስፓንሽን ቦልት ማውጣት፦ የአንድ ሳሎን ጉዳይ

መነሻው

ጉዳዩ ያጋጠመኝ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተከራይዋ ቤቱን ለመልቀቅ ስምንት ቀን ቀርቷታል። ውሉ ግድግዳውን እንደተረከበችው አድርጋ እንድትመልስ ያስገድዳታል፤ አከራዩ በመያዣነት የያዙት ገንዘብ የሚመለሰውም ይህ ሲሟላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የቴሌቪዥን ብራኬት ተሰቅሎበት የነበረ ግድግዳ አለ። ብራኬቱ ከወረደ በኋላ ስድስት ማሰሪያዎች ግድግዳው ውስጥ ቀርተዋል፦ አራት ባለ 10 ሚሊ የፕላስቲክ ፊሸሮችና ሁለት የብረት ኤክስፓንሽን ቦልቶች።

እኔ የፊኒሺንግ ሠራተኛ ነኝ። የተጠራሁት ከስድስቱ አንዱ ከወጣ በኋላ ነበር። ያወጣው የተከራይዋ ወንድም ነው። የድሮውን ቪቴ ፊሸሩ ውስጥ መልሶ አጥብቆ አሰረ፣ የመዶሻውን ሚስማር መንቀያ ከቪቴው ራስ ሥር አስገባና ወደ ታች ጫነ። ፊሸሩ ወጣ። አብሮት ግን ወርዱ 11 ሴንቲሜትር የሆነ የልስን ቁራጭ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስደርስ ቁራጩ ቀለሙን ወደ ላይ አድርጎ ጋዜጣ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መልሶ ለመለጠፍ ያሰቡ ይመስላል።

“ወንድሜ፣ የቀሩት አምስቱም እንደዚህ ከሆኑ ግድግዳ አይተርፈኝም” አለችኝ።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ

መጀመሪያ ያደረግኩት ምንም ነገር ሳልስብ ጉድጓዱን ማየት ነው። በስልክ መብራት ስመለከተው ሦስቱ ንብርብሮች በግልጽ ይታያሉ። ላይኛው ቀለምና ስስ ስቱኮ ነው። ከሥሩ ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የሲሚንቶና የአሸዋ ልስን አለ። ከዚያ ወዲያ ሸካራ ብሎኬት ነው። ዋናው ግኝት ብሎኬቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ነበር። ፊሸሩ የወጣበት ቀዳዳ ከ12 ሚሊ አይበልጥም፤ ጠርዙም ጤነኛ ነው። 11 ሴንቲሜትሩ ሁሉ ልስን ነው። ማለትም ግድግዳው አልተሰበረም፣ የተገነጠለው ቆዳው ነው።

ይህ ልዩነት የሥራውን አቅጣጫ ወሰነ። ብዙ ሰው “ኮንክሪት ተሰበረ” ሲል የሚያየው ልስኑን ነው። ልስን ከኮንክሪት ጋር የተያያዘው በላዩ ስለተጣበቀ ብቻ ነው፤ በተለይ ኮለን ላይ ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ መያዣው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ፊሸሩን ለማውጣት ከመታገል ይልቅ፣ ፊሸሩ ሲወጣ ልስኑ እንዳይከተለው ማድረግ ነበር።

ቀጥሎ የትኛው ማሰሪያ የት ላይ እንዳለ መለየት ነበረብኝ። በካቻቪቴ እጀታ እየመታሁ ሄድኩ። ብሎኬት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ኮለን ደግሞ ደረቅና አጭር ድምፅ ነው የሚሰጠው። 30 ሴንቲሜትር የሚሰፋ የኮንክሪት ኮለን ከልስኑ ሥር ተደብቆ በብራኬቱ ግራ በኩል ያልፋል። ሁለቱ የብረት ቦልቶችና አንድ ፊሸር ኮለኑ ላይ ናቸው። የቀሩት ሁለት ፊሸሮችና የተነቀለው ብሎኬት ላይ ነበሩ።

ከብራኬቱ ቀጥታ ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሁለቱ ፊሸሮች አጠገብ ሊያልፍ ይችላል። ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ሶኬቱ ላይ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ፣ ድሪሉንና ግራይንደሩን ከጎረቤት በተዘረጋ ገመድ ነው የተጠቀምኩት።

የመጀመሪያው ለምን እንደተገነጠለ

ፊሸር የሚይዘው በመስፋት ነው። ቪቴው ወደ ውስጥ ሲገባ የፊሸሩ የኋላ ግማሽ ተከፍሎ የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል። የፊተኛው አንገት ግን እንዲሰፋ ሆኖ አልተሠራም። ወንድምየው ቪቴውን በደንብ እንዲነክስለት ብሎ 6 ሴንቲሜትሩን በሙሉ መልሶ አስገባው። በዚህም ሊያወጣው ያሰበውን ነገር ራሱ አስፍቶ ቆለፈው።

ሁለተኛው ችግር መዶሻው ያረፈበት ቦታ ነው። መንቀያው ሲጫን የመዶሻው ተረከዝ ከፊሸሩ በአንድ በኩል ብቻ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ጉተታውም ቀጥ ማለቱ ይቀርና ወደዚያ ወገን ያዘነብላል። ፊሸሩ ተንጋድዶ የቀዳዳውን ጠርዝ እንደ ማንሻ ያነሳዋል። በሌላው ወገን ልስኑን የሚጫነው ምንም ነገር የለም። ኮንክሪትም ሆነ ልስን መጨመቅን በደንብ ይችላል፣ መሳብን ግን አይችልም፤ የኮንክሪት የመሳብ ጥንካሬ ከመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የተቆለፈ ማሰሪያ በኃይል ሲሳብ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ነገር ወደ ውጭ እየሰፋ በሚሄድ የሾጣጣ ቅርጽ የሚገነጠለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድኩ። አንደኛ፣ ቪቴው አንገቱን ብቻ ይንከስ። ሁለተኛ፣ ስስብ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ልስን በሁሉም በኩል ይጨመቅ።

ብሎኬት ላይ የነበሩት ሁለቱ

10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 2 ሴንቲሜትር የሚወፍር እንጨት ቆረጥኩና መሃሉን በ16 ሚሊ ፑንታ በሳሁት። የፊሸሩ ራስ በዚህ ቀዳዳ ውስጥ በነጻነት ያልፋል፤ እንጨቱ ግን ልስኑን እስከ ፊሸሩ አፍ ድረስ ዙሪያውን ይጫነዋል። ሥራውን የሠራው ይህ እንጨት ነው። ሰፊና ቀዳዳ የሌለው እንጨት ከመዶሻው ተረከዝ ሥር ማድረግ ግድግዳው እንዳይጎደጉድ ይረዳል፣ ጠርዙ እንዳይነሳ ግን አያግደውም።

እንጨቱን ከማስቀመጤ በፊት የፊሸሩን ከንፈር ዙሪያ በስለታም ቢላ ቀለሙና ስቱኮው እስኪቆረጥ ድረስ ዞርኩት። ቤቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀብቷል፣ ቀለሙም ከንፈሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። ይህ ካልተቆረጠ ፊሸሩ ሲወጣ ቀለሙን እንደ ልጣጭ ይዞት ይወጣል።

ከዚያ ባለ 6 ሚሊ፣ 5 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቪቴ በእንጨቱ ቀዳዳ በኩል አስገብቼ ፊሸሩን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ እንዲነክስ አደረግኩት። በእጅ ካቻቪቴ ነው የዞርኩት፤ በድሪል ቢሆን መቼ እንደምቆም አላውቅም ነበር። የመዶሻውን መንቀያ ከቪቴው ራስ ሥር አስገብቼ፣ ተረከዙን እንጨቱ ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ ጫንኩ። ፊሸሩ ትንሽ ሲነሳ ቆምኩ። ጉተታው መዝመም ስለጀመረ ከተረከዙ ሥር ስስ እንጨት ጨመርኩና ቀጠልኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከግድግዳው ላይ የቀረው 12 ሚሊ የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ነው። ጠቅላላ ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሁለተኛው ግን ቪቴው ሲነክሰው አብሮ ይዞራል። የሚዞር ፊሸር ብሎኬት ውስጥ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ አልፎ ባዶው ክፍል ውስጥ ስለሚንጠለጠል የኋላው ግማሽ የሚገፋው ነገር የለም። አንዳንዴ ደግሞ ባዶው ውስጥ ተከፍቶ ስለሚቀር ወደ ኋላ መሳብ የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ይሰብራል። እንዲህ ያለውን መሳብ አያስፈልግም። ከንፈሩን በቢላ ዙሪያውን ቆረጥኩና ጫፉ ደፍጣጣ በሆነ 8 ሚሊ ብረት ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መታሁት። በሁለተኛው ምት ብሎኬቱ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማኝ። እዚያው ይቀራል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ማንንም አይጎዳም።

ይህ አካሄድ የሚሠራው ግን ከኋላው ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው። ኮንክሪት ላይ ወደ ውስጥ ቢመታ የቀዳዳው መጨረሻ ላይ ይቆምና ምቱ ሁሉ ልስኑን ያንቀጠቅጠዋል።

ኮለን ላይ ያለው ፊሸር

ይህኛው አስቸገረ። ቪቴው አንገቱን ነክሶ ስስብ አንገቱ ራሱ ተቀደደ። ሲሰቀል ከሚገባው በላይ ተጠብቆ ስለነበር ፕላስቲኩ ቀድሞውኑ ተሰነጣጥቋል። ወፍራም ቪቴ ሞከርኩ፤ እሱም የተቀደደ ፕላስቲክ ብቻ ይዞ ተመለሰ። በጥልቀት ማስገባት ይቻል ነበር፣ ግን ያ የወንድምየውን ስህተት መድገም ነው።

በድሪል ሞከርኩ። የመምቻውን ሥራ አጥፍቼ በ8 ሚሊ ፑንታ ማዞር ብቻ። ጥቂት ሰከንድ ሳይሞላ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ናይለኑ ለስልሶ ፑንታው ላይ ተጠመጠመና ፊሸሩ አብሮ መዞር ጀመረ። አቆምኩ። ስህተቱ ሁለት ነበር፦ ፑንታው ለፊሸሩ ውፍረት በጣም የቀረበ ነው፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ነበር። ወደ 6 ሚሊ ፑንታ ወረድኩ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ፣ በየጥቂት ሰከንዱ እያወጣሁ አቀዘቀዝኩት። በዚህ መንገድ 4 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባሁ። ከፊሸሩ የቀረው ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ከዚያ የሴጌቶ ምላጭ ለብቻው አውጥቼ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ቱቦውን በርዝመቱ ቀደድኩት። በሹል አፍ ፒንሳ የተቀደደውን ጠርዝ ወደ መሃል አጠፍኩና አዙሬ ሳብኩ። የፊተኛው 3 ሴንቲሜትር መጣ። የኋላው ክፍል ግን ተቆርጦ ቀረ።

እዚህ ላይ መወሰን ነበረብኝ። የቀረው ቁራጭ ከግድግዳው ፊት 3 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ነው፤ ማለትም ከልስኑ አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ነው ያለው። በላዩ የሚሞላው ሲሚንቶ ለመያዝ በቂ ጥልቀት አለው። ቁራጩን ለማውጣት የሚቀረው መንገድ ቀዳዳውን ማስፋት ነው፣ ያ ደግሞ የመጣሁበትን ዓላማ ያፈርሳል። ተውኩት። ለተከራይዋም ነገርኳት፤ ግድግዳ ውስጥ ምን እንደቀረ የማወቅ መብት አላት።

ሁለቱ የብረት ቦልቶች

ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ዳዶና ሮንዴላ ያለባቸው ተመሳሳይ ቦልቶች ናቸው። ዳዶውን ፈትቶ አፉን በቅርብ ማየት ግን ይለያቸዋል። በግራው ላይ በቦልቱና በኮንክሪቱ መካከል የስስ ብረት ቱቦ ክብ ጠርዝ ይታያል። በቀኙ ላይ ምንም ቱቦ የለም፤ ቦልቱ በቀጥታ ቀዳዳውን ሞልቶታል። ተከራይዋ እንዳለችኝ የቀኙ በኋላ የተቀየረ ነው። ይህ ልዩነት አንዱ የሚወጣ፣ ሌላው የማይወጣ መሆኑን ይናገራል።

ቱቦ ያለው ቦልት ጫፉ ላይ ሾጣጣ ራስ አለው። ዳዶው ሲጠብቅ ሾጣጣው ወደ ቱቦው ውስጥ ይሳብና ቱቦውን ይከፍታል። ስለዚህ ለማስለቀቅ መጀመሪያ ወደ ውስጥ መምታት ነው። ዳዶውን እስከ ጥርሱ መጨረሻ መለስኩት፤ የቦልቱ ጫፍና የዳዶው ፊት እኩል ሲሆኑ ዳዶው ጥርሱን ከመዶሻ ይጠብቀዋል። በትንሽ መዶሻ ሁለት ጊዜ መታሁ። ቦልቱ 5 ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ሾጣጣው ከቱቦው ተላቀቀ ማለት ነው።

አሁን ስህተት የሚሠራበት ቦታ መጣ፣ እኔም ሠራሁት። ዳዶውን በፒንሳ ይዤ ቦልቱን ሳብኩ። አንድ ሴንቲሜትር ያህል መጣና ደርቆ ቆመ። ቦልቱን ስስብ ሾጣጣውን እንደገና ወደ ቱቦው ውስጥ እያስገባሁት፣ ቱቦውንም እንደገና እያሰፋሁት ነበር። መልሼ ወደ ውስጥ መታሁት። መሳብ ያለበት ቱቦው ነው። ዳዶውንና ሮንዴላውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁ፣ የቀዳዳውን እንጨት በቦታው አድርጌ ልስኑን ጫንኩ፣ በሹል አፍ ፒንሳ የቱቦውን ጠርዝ ይዤ ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ሳብኩት። ትንሽ በመጣ ቁጥር ቦልቱን በጣቴ ወደ ውስጥ ገፋ አደርጋለሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቱቦው ወጣ፣ ቦልቱም ተከትሎት በቀላሉ መጣ። የቀዳዳው ስፋት 13 ሚሊ ነው።

ቱቦ የሌለው ቦልት ጫፉ ላይ በሾጣጣው ዙሪያ የታሰረች ትንሽ የብረት ቅጠል አለችው። ቅጠሏ ኮንክሪቱን ትነክሳለች፤ ቦልቱ በተሳበ ቁጥር ሾጣጣው ቅጠሏን አብልጦ ይገፋታል። የተሠራው እንዳይወጣ ሆኖ ነው። ይህን መሳብ ኮለኑን መስበር ነው፤ ወዲያና ወዲህ ማጠፍም ልስኑን ይሰነጥቃል። ያለው አማራጭ ቆርጦ ከግድግዳው ፊት በታች መቅበር ነው።

ቅደም ተከተሉን ግን አሳሳትኩት። ከመቁረጤ በፊት ወደ ውስጥ መታሁት። ቀዳዳው ሲበሳ ትንሽ ትርፍ ጥልቀት ተትቶለት ነበርና 4 ሚሊ ገባ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ቆመ። ድምፁ ከደብዛዛ ወደ ጠንካራ ተለወጠ፤ ይህ ድምፅ ሲሰማ መምታት ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ በግራይንደር ቆረጥኩ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ አንድ ጎኑን ሰንጥቄ ቦልቱ ሥር አስገባሁት፤ ዲስኩና ብልጭታው ልስኑን እንዳይነኩት። ባለ 1 ሚሊ ስስ ዲስክ ተጠቀምኩ፣ በአጭር በአጭሩ እየቆረጥኩ በመሃል በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት። የዓይን መነጽርና የአቧራ ጭንብል አድርጌ ነው የሠራሁት፤ የኮንክሪት አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ግራይንደር ግን ከግድግዳ ጋር እኩል አይቆርጥም። 2 ሚሊ ጉቶ ቀረ። ጉቶውን ወደ ውስጥ ልመታው ስል የነበረውን ትርፍ ጥልቀት ቀድሜ ጨርሼዋለሁ። መጀመሪያ ቆርጬ በኋላ ብመታው ኖሮ ጉቶው ከግድግዳው ፊት 2 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር፣ ሥራውም አሥር ደቂቃ ነበር። አሁን ጉቶው ዙሪያ ያለውን ልስን በትንሽ መሮ ጫፍ በ2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ማጎድጎድ፣ ከዚያ ድሪል ላይ በሚታሰር ትንሽ የመሳያ ድንጋይ ብረቱን መፋቅ ግድ ሆነ። 3 ሚሊ ከፊቱ በታች እስኪወርድ 40 ደቂቃ ፈጀ።

አሞላሉ

የተቆረጠው ብረት ላይ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብቼ አሳደርኩት። ይህን የማደርገው ቀደም ሲል በሌላ ቤት ካየሁት ተነስቼ ነው። የተቆረጠ ቦልት ላይ ጀሶ በቀጥታ ሞልቼ ቀብቼው ነበር። ክረምቱ አልፎ ስመለስ ግድግዳው ላይ የሳንቲም መጠን ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ በላዩ በተቀባ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ጀሶ እርጥበት ሲያገኝ ብረትን ያዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የተሞላውን ይገፋዋል። ስለዚህ ብረት ካለ መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣ ቀጥሎ የሲሚንቶ ሙሊት፣ ከዚያ በላይ ስቱኮ።

ቀዳዳዎቹን በጠርሙስ ብሩሽና በብስክሌት ፓምፕ አቧራቸውን አወጣሁ። አቧራ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ የገባ ሲሚንቶ የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው። ውሃ ረጨሁ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጋር በትንሽ ውሃ አቡክቼ፣ በእንጨት ዘንግ እየጠቀጠቅኩ ሞላሁ። ብሎኬት ላይ ላሉት ቀዳዳዎች መጀመሪያ የስፖንጅ ቁራጭ 3 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ወሸቅኩ፤ አለዚያ ሙሊቱ ባዶው ውስጥ ይወድቃል። ፊት ለፊቱን 2 ሚሊ ጎደል አድርጌ ለስቱኮ ተውኩት።

11 ሴንቲሜትሩ ጉድጓድ ተለይቶ ነው የተሠራው። የተገነጠለውን ቁራጭ መልሶ መለጠፍ አልተቻለም። ዙሪያውን ስመታው በላይ በኩል ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሌላ 3 ሴንቲሜትር አገኘሁ፤ ከግድግዳው ለቅቋል ግን ገና አልወደቀም። እሱንም አነሳሁት። ጠርዙን ቀጥ አድርጌ አርጥቤ በሁለት ጊዜ ለሰንኩት፤ በአንዴ ቢሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቅ ነበር። ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጨች እንድታቆየው ለተከራይዋ ተውኩላት።

ስቱኮው ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ፕራይመር ሰጥቼ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀባሁት። የተሞላው ቦታ ላይ ብቻ ቀለም ቢነካ ከጎን ብርሃን ሲመታው ይለያል።

ለሌላ ግድግዳ የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ ያተረፍኩት ዋና ነገር ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው። አሁን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ሦስት መጠን አለኝ፦ ባለ 12፣ ባለ 16 እና ባለ 20 ሚሊ ቀዳዳ። ቀዳዳው ከሚወጣው ነገር ራስ ጥቂት ብቻ መስፋት አለበት፤ በጣም ከሰፋ ጠርዙ ነጻ ይሆንና ጥቅሙ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማሰሪያው እንዴት እንደሚለቅ ነው። ፊሸር ቪቴው ሲወጣ ይለቃል፤ ቱቦ ያለው ቦልት ወደ ውስጥ ሲመታ ይለቃል፤ ቱቦ የሌለው አይለቅም። በኬሚካል የተጣበቀ ዘንግም አይለቅም፤ ዘንጉ ዙሪያ የደረቀ ሙጫ ከታየ በቀጥታ ወደ መቁረጥ መሄድ ነው። ኮርኒስ ኮንክሪት ላይ የሚገባው ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር የብረት ማሰሪያም እንዲሁ ነው፤ ከፊቱ ጋር እኩል ስለሚቀመጥ ፀረ ዝገት ቀብቶ አፉን መድፈን ይበቃል።

ማሰሪያው ጨርሶ መውጣት ካለበት፣ ለምሳሌ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ ነገር የሚያልፍ ከሆነ፣ በክብ የኮንክሪት መቁረጫ ዙሪያውን ቆርጦ ማንሳት ይቻላል። ቀዳዳው ሰፊ ግን ንጹሕ ይሆናል። ኮለን ላይ ግን አላደርገውም። መቁረጫው ፌሮ ሊመታ ይችላል፣ የኮለን ፌሮ የሚቆረጠው ደግሞ በመሐንዲስ ፈቃድ ብቻ ነው። ለቴሌቪዥን ብራኬት ጉቶ ያን ያህል ርቀት መሄድ አያስፈልግም።

ማሰሪያው ከኮለኑ ጠርዝ ከአምስት ስድስት ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነም የቱቦውን ዓይነት እንኳ ለማውጣት አልሞክርም። ጠርዝ ላይ ኮንክሪቱ በአንድ ወገን ደጋፊ ስለሌለው በትንሽ ግፊት ማዕዘኑ ይሄዳል።

ርክክቡ

አከራዩ በስምንተኛው ቀን መጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከመስኮቱ በኩል ቆመው በጎን አዩት፣ ከዚያ በጣታቸው አንኳኩ። የለሰንኩትን ቦታ አላገኙትም። መያዣውን መለሱላት።

ሊሄዱ ሲሉ የሚቀጥለውን ቴሌቪዥን እዚያው ላይ መስቀል እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። “ጋሼ፣ የድሮው ቀዳዳ ላይ ወይም አጠገቡ አይበሱ” አልኳቸው። ኮለኑ ላይ የተሞሉት ቀዳዳዎች 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት አላቸው። አዲስ የብረት ቦልት ከተተወ ቀዳዳ ቢያንስ የቀዳዳውን ጥልቀት እጥፍ፣ እዚህ 12 ሴንቲሜትር፣ መራቅ አለበት፤ ሲሰፋ የሚገፋው ኮንክሪት ሙሉ መሆን ስላለበት ነው። በከፍተኛ ጥንካሬ ሙጫ ቢሞላ ኖሮ ርቀቱ ሊቀንስ ይችል ነበር፣ እኔ የሞላሁት ግን በተራ ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ሜትር አወጣሁና የሦስቱን ቀዳዳዎች ቦታ ከወለሉና ከኮለኑ ጠርዝ ለክቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው የብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ አስቀመጡት።